«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በአማርኛ ምን ይላል?

ዝናብ ሲጠፋ፣ ወረርሽኝ ሲገባ ወይም አገር ስትታመስ ቤተ ክርስቲያን ምሕላ ታውጃለች። ካህኑ ይጀምራል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ከሽማግሌ እስከ ሕፃን በአንድ ድምፅ የሚደጋገመውም ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»። ግዕዝ ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው እንኳ ይህችን ጸሎት በቃሉ ይላታል። «እስቲ በአማርኛ ንገረኝ» ሲባል ግን መልሱ ይለያያል። አንዱ «ጌታ ሆይ ይቅር በለን» ይላል፤ ሌላው «አቤቱ ማረን ክርስቶስ»፤ ሦስተኛው «ክርስቶስ ይማረን»። ሦስቱም ከመንፈሱ አይርቁም፤ የሚሉት ግን አንድ ነገር አይደለም።

ረጅም ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው አንዱ ቃል ሲያጥርበት በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ሊያካክሰው ይችላል። የሦስት ቃል ጸሎት ግን መካካሻ ቦታ የላትም። አንዱ ቃል ሲዛባ የጸሎቱ ሲሶ ሄደ ማለት ነው። ደግሞም ጥንታዊነቷን ለመጠበቅ ሲባል የጠፉ ቃላትን ቆፍሮ ማውጣት አያዋጣም፤ አድማጩ ካልገባው ትርጉሙ ሌላ ግዕዝ ሆኖ ይቀራል። የሚያዋጣው መንገድ ሌላ ነው፤ የቃሉ ጥንታዊ ፍቺ ዛሬም ሳይሞት የተቀመጠበትን የአማርኛ ጥግ ፈልጎ ማግኘት። ከሦስቱ ቃላት ሁለቱ ላይ ይህ ጥግ አለ። ሦስተኛው ላይ ያለው ችግር የቃል ሳይሆን የቦታ ነው።

ከሁሉ በፊት ፊደሉ

ትርጉም ከመጀመሩ በፊት የሚተረጎመው ምን እንደሆነ መረጋገጥ አለበት። «መሐረነ» የሚጻፈው በሐመሩ «ሐ» ነው። በሃሌታው «ሀ» ተጽፎ «መሀረነ» ከሆነ ግን ሌላ ግስ ይሆናል፤ ትርጉሙም «አስተማረን» ነው። ከመጀመሪያው ግስ ምሕረትና መሐሪ ይወጣሉ፤ ከሁለተኛው ደግሞ ትምህርትና መምህር። ግዕዝ በጥንት ዘመን ሁለቱን «ሀ»ዎች በድምፅ ይለያቸው ነበር። ዛሬ በንባብ አንድ ስለሆኑ ልዩነቱን የያዘው ጽሕፈቱ ብቻ ነው።

አማርኛ ሁለቱንም ግሶች ወርሷል፤ ነገር ግን የጉሮሮውን ድምፅ ስለጣለ ሁለቱም «ማረ» ላይ ተገናኝተዋል። ለዚህ ነው «ሰውየው ተማረ» ስንል ትምህርት ቤት ገብቶ ይሁን ከቅጣት ድኖ ከዐውዱ ካልሆነ የማናውቀው። ስለዚህ አማርኛውን ብቻ ይዞ ወደ ግዕዙ መመለስ አደገኛ ነው። በስልክና በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ደግሞ ጣቱ ቶሎ የሚያርፈው ሃሌታው «ሀ» ላይ ነው። በየበራሪ ወረቀቱና በየፖስተሩ ምሕረት የሚለምነው ጸሎት «ጌታ ሆይ፣ አስተማረን ክርስቶስ» ወደሚል ትርጉም አልባ ንግግር የሚለወጠው እንዲህ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያድጉ ልጆች ጸሎቱን በላቲን ፊደል ተጽፎላቸው ሲያጠኑት ችግሩ ይብሳል፤ ሁለቱንም «ሀ» አንድ ፊደል ይተካቸዋልና።

ማረጋገጫው መዝገበ ቃላት ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁትና ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ቃላትን የደረደረው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው። በዚያ ተራ ሃሌታው «ሀ» አምስተኛ፣ ሐመሩ «ሐ» ደግሞ ስምንተኛ ስለሆኑ «መሀረ» እና «መሐረ» ተራርቀው ይገኛሉ። ፊደሉን ያላጣራ ሰው የተሳሳተውን ገጽ ከፍቶ ትክክለኛውን ገጽ እንዳነበበ ሊያስብ ይችላል።

ፊደሉ ከተጣራ በኋላ የግሱ ዐይነት ይታያል። በግዕዝ ያለፈውን ድርጊት የሚናገረው ኃላፊ አንቀጽ ብዙ ጊዜ «ምሕረ» ተብሎ ይጻፋል፤ «ማረን» ብሎ ለመተረክ «ምሕረነ» ይባላል። ትእዛዝ አንቀጹ ግን «መሐር» ነው። በዚህ ላይ «እኛን» የሚያመለክተው «ነ» ሲጨመር «መሐረነ» ይሆናል። ስለዚህ ጸሎቱ ታሪክ አይደለም፤ ምኞትም አይደለም። ፊት ለፊት የቆመውን «ማረን!» ብሎ መለመን ነው። «ክርስቶስ ይማረን» የሚለው ትርጉም የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጠራውን ጌታ ወደ ሦስተኛ ሰው ለውጦ፣ ለእሱ መናገሩን ትቶ ስለ እሱ ይናገራል።

ማረን ወይስ ይቅር በለን?

ዛሬ ብዙ ሰው «መሐረነ» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት «ይቅር በለን» ነው። ቃሉ የታወቀ ነው፤ ለጆሮም ይቀላል። ችግሩ ከግዕዙ የጠበበ መሆኑ ነው።

«ይቅር» የመጣው ከ«ቀረ» ነው። ይቅር ማለት «ይተው፣ ይቅር፣ አይታሰብ» ማለት ስለሆነ ከፊቱ የሚቀር ነገር ይፈልጋል፤ በደል፣ ዕዳ ወይም ጠብ። የተጣሉ ሰዎች ይቅር ይባባላሉ። አበዳሪ ዕዳውን ይቅር ይላል። ግዕዝም ለዚህ የራሱ ግስ አለው፤ «ኀደገ»፣ ተወ ማለት ነው። በአቡነ ዘበሰማያት ላይ ስለ በደል የሚለመነው በዚሁ ግስ ትእዛዝ፣ «ኅድግ» በሚለው ነው። የምሕላው ጸሎት ግን «ኅድግ» አላለም፤ «መሐረነ» አለ። ግዕዙ ሁለት ቃል ይዞ አንዱን መርጦ ሲናገር፣ አማርኛው ለሁለቱም «ይቅር በለን» ካለ ምርጫው ጠፋ ማለት ነው።

«መሐረ» በደልን መተውን ቢጨምርም በዚያ አይወሰንም። መፈወስ፣ ከመዓት ማውጣት፣ ለደካማ መራራት፣ የሞተውን በደግ ስፍራ ማሳረፍ ሁሉ በውስጡ አለ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 በኢያሪኮ መንገድ ዳር የተቀመጡት ሁለት ዕውሮች ምሕረት እየለመኑ ይጮኻሉ። ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ የሚለምኑት የኃጢአት ስርየት ሳይሆን ዐይናቸው እንዲበራ ነው። ምሕረት ብለው የጠሩት ብርሃናቸውን ነበር።

ይህ ሰፊ ፍቺ በዛሬ አማርኛ የጠፋ ይመስላል፤ አልጠፋም። ያለው በየዕለቱ አንደበት ነው። የታመመ ስንጠይቅ «እግዚአብሔር ይማርህ» እንላለን። ታማሚውን በምንም በደል አልከሰስነውም፤ እንዲድን ነው የምንመኝለት። ያስነጠሰውንም «ይማርህ» እንለዋለን። ሰው ሲሞት «ነፍስ ይማር» ይባላል። የዘመን አቆጣጠራችን ዓ.ም. ብሎ የሚያሳጥረው ዓመተ ምሕረትን ነው። በድርቅ ወቅት የሚለምን ገበሬም «ምሕረቱን ያውርድልን» ሲል ዐይኑ ሰማይ ላይ ነው፤ የሚወርደው ምሕረት ዝናብ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ፈተና አለ። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች «ማረ»ን አውጥቶ «ይቅር አለ»ን መተካት ነው። «ነፍስ ይቅር ይበል» የሚል የለም። ያስነጠሰውን «ይቅር ይበልህ» ብትሉት ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል። ዓመተ ምሕረትም «የይቅርታ ዓመት» አይሆንም። ቃሉ መተካት ያልቻለባቸው ቦታዎች በሙሉ የግዕዙ ጥንታዊ ፍቺ ሳይነካ የቆየባቸው ናቸው። ሕጉ እንኳ ሁለቱን ለይቶ ይይዛቸዋል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ሲያነሣ ምሕረትንና ይቅርታን ለየብቻ ይጠራቸዋል።

ስለዚህ ለ«መሐረነ» ምርጫው «ማረን» ነው። ቃሉ ከግዕዙ ሥር የወጣ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከአንድ ሥር ወጥተው በአማርኛ ፍቺያቸው ፈጽሞ የተለወጠ ቃላት ሞልተዋል፤ ዝምድና ብቻውን ዋስ አይሆንም። «ማረን» የተመረጠው ዛሬም በአልጋ ዳር፣ በልቅሶ ቤትና በእርሻ ላይ ያንኑ የድሮውን ሥራ ሲሠራ ስለሚገኝ ነው።

«ምሕረት አድርግልን» ለምን አይሆንም የሚል ይኖራል። ፍቺው አልተዛባም፤ ግን ድርጊቱን ወደ ስም ለውጦ «አድርግ» በሚል ረዳት ግስ ስለሚያቆመው የማመልከቻ ቃና ያመጣል። ርዝመቱም ይከብዳል። ግዕዙ ከነሦስቱ ቃላቱ 13 ፊደል ነው። «ክርስቶስ ሆይ እባክህ ይቅርታ አድርግልን» ብንል 21 ፊደል ይሆናል፤ በስግደት መካከል በአንድ ትንፋሽ የሚባል ነገር አይደለም። «እባክህ» የሚለውም ከግዕዙ የሌለ ጭማሪ ነው። ግዕዙ ትሕትናውን ያስቀመጠው በልመና ቃል ሳይሆን በአጠራሩ ነው።

እግዚኦ፤ ጌታ፣ አቤቱ ወይስ እንዳለ?

ትሕትናው ያለው «እግዚኦ» ላይ ነው። «እግዚእ» ጌታ፣ አለቃ፣ ባለቤት ማለት ነው። ሴቷ «እግዝእት» ትባላለች፤ እግዝእትነ ማርያም ስንል እመቤታችን ማለታችን ነው። «እግዚአብሔር» የሚለው ስምም «እግዚአ ብሔር»፣ የአገር የዓለም ጌታ ማለት ነው። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ባስቀረጸው የግዕዝ ጽሑፍ ላይ አምላኩን የሚጠራው «እግዚአ ሰማይ»፣ የሰማይ ጌታ እያለ ነው። በመጨረሻ ያለችው «ኦ» የመጥሪያ ምልክት ናት። «ብእሲት» ሴት ከሆነች «ብእሲቶ» አንቺ ሴት ማለት ነው፤ «እግዚእ»ም ሲጠራ «እግዚኦ» ይሆናል።

ለአማርኛ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ሳይተረጉሙ መተው ነው። ሰው ሁሉ ያውቀዋልና ምን ይጎዳል? የሚጎዳው ቃሉ በአማርኛ ውስጥ ሌላ ኑሮ መጀመሩ ነው። የሚያስደነግጥ ወሬ የሰማ ሰው «እግዚኦ!» ይላል፤ የገበያውን ዋጋ ያየም እንዲሁ። በግዕዙ ጌታውን የሚጠራ ቃል በአማርኛ የመገረም ድምፅ ሆኗል። ሌሎቹ ሁለት ቃላት አማርኛ ሆነው እሱ ብቻ እንዳለ ቢቀር ጸሎቱ በመደነቅ የሚጀምር ይመስላል።

ሁለተኛው «ጌታ ሆይ» ነው። የቃሉን ፍቺ በቀጥታ የሚይዘው ይህ ነው። አገልጋይ በጌታው ፊት መቆሙን ይናገራል። ይሁንና «ጌታ» ዛሬ ባለጸጋን ለመግለጽም፣ በ«ጌታዬ» መልኩ የማያውቁትን ሰው ለማክበርም ያገለግላል። በጸሎት ውስጥ የሚያድነው ከአጠገቡ ያለው «ሆይ» ነው። «ሆይ» በዕለት ንግግር ብዙም የማይሰማ፣ በደብዳቤና በጸሎት የቀረ፣ በ«ጃንሆይ» ውስጥም የተሸሸገ የጥሪ ቃል ነው።

ሦስተኛው «አቤቱ» ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስና በጸሎት መጻሕፍት «እግዚኦ» የሚል ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ይህ ቃል ነው። «አቤቱ» ጌታ ማለት አይደለም፤ የጌትነቱን ፍቺ አልያዘም። የያዘው ጩኸቱን ነው። የተበደለ ሰው «አቤት!» ብሎ በዳኛ ፊት ይጮኻል፤ ክሱም «አቤቱታ» ይባላል። እዚህ ላይ ቋንቋው ራሱ ሁለቱን ቃላት እንዴት እንዳቀራረበ ማየት ይቻላል። «እልል» ከሚለው እልልታ፣ «ዋይ» ከሚለው ዋይታ እንደወጣ፣ «እግዚኦ» ከሚለው እግዚኦታ፣ «አቤቱ» ከሚለውም አቤቱታ ወጥቷል። አማርኛ ሁለቱንም ያያቸው በድምፅ ከፍ ብሎ እንደሚወጣ ጩኸት ነው። አንዱ በቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው በችሎት ቀረ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ከበላይ ያለውን መጥራትና «ስማኝ» ማለት።

ስለዚህ ምርጫው ምን እንደሚጠበቅ በማወቅ ላይ ይቆማል። «ጌታ ሆይ» ፍቺውን ይጠብቃል፤ «አቤቱ» ደግሞ ቃሉ በጸሎቱ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ። ለሚነበብ የጸሎት መጽሐፍ «ጌታ ሆይ» ያስኬዳል። ሕዝብ በአንድ ድምፅ ለሚደጋግመው ጸሎት ግን «አቤቱ» ይሻላል። አንድ ቃል ነው፤ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ ከጸሎት ውጭ ብዙም ስለማይሰማም ሌላ ነገር አያስታውስም። የሚያጎድለውን ጌትነት ምን ይሙላው የሚለው ጥያቄ ሦስተኛው ቃል ላይ ያደርሰናል።

የ«ክርስቶስ» ቦታ

በስም ላይ ምን ይተረጎማል? ቃሉ አይተረጎምም፤ ቦታው ግን ፍቺ ይለውጣል። አማርኛ ግሱን ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ማሳረፍ ይወዳል። ትምህርት ቤት የተማርነውን ሰዋስው ይዞ የሚተረጉም ሰው «ጌታ ክርስቶስ ማረን» ብሎ ያስተካክለዋል። ያን ጊዜ ጸሎቱ ዜና ይሆናል።

ምክንያቱ የአማርኛው ግስ ነው። በግዕዝ «ምሕረነ» እና «መሐረነ» ተብለው የሚለዩት ሁለቱ መልኮች በአማርኛ አንድ ሆነዋል። «ማር» የሚለው ትእዛዝ «ን» ሲጨመርበት «ማረን» ይሆናል። «ማረ» የሚለው ያለፈ ድርጊትም «ን» ሲጨመርበት ያው «ማረን» ነው። ንባቡም ጽሕፈቱም አይለይም። ስለዚህ «ጌታ ክርስቶስ ማረን» የሚለውን የሚሰማ ሰው ክርስቶስ ምሕረት እንዳደረገልን የሚነገረው ይመስለዋል። ልመናው ተፈጽሟል፤ ምሕላውም አያስፈልግም። «ጌታችን ማረን» ቢባልም ያው ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ «ሆይ»ን ማስገባት ነው፤ «አቤቱ፣ ክርስቶስ ሆይ፣ ማረን»። ስሙ መጠሪያ እንደሆነ ስለታወቀ ግሱ ልመና ሆኖ ይሰማል። ሰዋስዉም አማርኛ ነው። ግን በአንድ አጭር ጸሎት ሁለት ጊዜ መጥራት ይሆናል፤ «አቤቱ» አንድ፣ «ሆይ» ሁለት። ግዕዙ «ኦ»ን የተጠቀመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ ግዕዙ ያስቀመጠውን ቅደም ተከተል መተው ነው፤ «አቤቱ ማረን፣ ክርስቶስ»። ይህ የግዕዝን ሰዋስው በአማርኛ ላይ መጫን አይደለም ወይ? አይደለም። በዕለት ንግግር ተራው ዐረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻ ላይ ቢያሳርፍም፣ ጥሪና ልመና ሲሆን የሚጠራው ሰው ከግሱ በኋላ ይመጣል። «ስማኝ ልጄ»፣ «ማረኝ አባቴ»፣ «ድረሽልኝ እናቴ» የሚለውን ግዕዝ ያስተማረን የለም። በተጨነቀ ሰው አፍ ግሱ ይቀድማል፤ የሚፈልገውን ተናግሮ ነው ስሙን የሚጠራው። የግዕዙ ቅደም ተከተልም ይኸው ነው። ከግሱ በኋላ የመጣ ስም ባለቤት ተደርጎ ስለማይሰማ «ማረን» ያለጥርጥር ልመና ይሆናል። በጽሑፍ ሲሆን ከ«ክርስቶስ» በፊት ነጠላ ሰረዝ ማስገባት ለአንባቢው ይረዳዋል። በዜማ ሲሆን ድምፁ ራሱ ይለየዋል።

ስሙ መጨረሻ ላይ መቀመጡ ሌላ ጥቅም አለው። «አቤቱ» የጌትነትን ፍቺ አይይዝም ብለናል፤ ጥሪው ለማን እንደሆነ የሚያረጋግጠው «ክርስቶስ» ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከዚህ ጋር ሳትተረጉም የያዘችው የግሪክ ጸሎት አለ፤ በሰሙነ ሕማማት የሚደጋገመው «ኪርያላይሶን»። እሱ በግሪክኛው «ጌታ ሆይ፣ ማር» ብቻ ይላል፤ «እኛን» የሚልም፣ ስም የሚጠራም የለበትም። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ግን ሁለቱንም ይዟል፤ ለማን እንደሚለመን በ«ነ»፣ ማን እንደሚለመን በ«ክርስቶስ»። ስለዚህ አማርኛው ከሁለቱ አንዱን ቢጥል ጸሎቱን ወደ ሌላ ጸሎት ይለውጠዋል።

አንተ ወይስ እርስዎ?

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከወጣቶች ይነሣል። ለሽማግሌና ለመምህር «እርስዎ» እያልን ለአምላክ «አንተ» ማለት እንዴት ይሆናል? ለምን «ይማሩን» አንልም? ግዕዝ ለአንድ ሰው የሚባል የአክብሮት «እርስዎ» የለውም፤ ንጉሡንም አገልጋዩንም «አንተ» ብሎ ነው የሚያናግረው። አማርኛው «እርስዎ»ን ካበጀ በኋላም በጸሎት «አንተ»ን አልለቀቀም። «ይማሩን» ብንል አክብሮቱ የሚጨምር ይመስላል፤ የሚያስታውሰው ግን ምድራዊ ጌታን የሚማጸን ጥፋተኛን ነው። ከዚህም ጋር ግሱ «እነሱ ይማሩን» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። እዚህ ላይ ጥንታዊው መልክ ራሱ ግልጹ መልክ ነው።

ትርጉሙን መፈተን

ከዚህ ሁሉ በኋላ በእጃችን ያለው «አቤቱ ማረን፣ ክርስቶስ» ነው፤ 11 ፊደል፣ ሦስት ቃል፣ በግዕዙ ቅደም ተከተል። የመጀመሪያው ፈተና ወደ ኋላ መመለስ ነው። ግዕዝ የሚያውቅ፣ ዋናውን ግን ያልነገሩት ሰው አማርኛውን ወደ ግዕዝ ይመልሰው። «ማረን» ከሚለው «መሐረነ» ላይ ይደርሳል። «ይቅር በለን» ተሰጥቶት ቢሆን ግን «ኅድግ ለነ» ሊል ይችላል፤ የጠፋው ነገር ያን ጊዜ በዐይን ይታያል። ሁለተኛው ፈተና ድምፅ ነው። ጮክ ብሎ ደጋግሞ ማለት ነው፤ በሦስተኛው ዙር ትንፋሽ የሚያሳጥር ወይም ምላስ የሚያስር ትርጉም ለምሕላ አይሆንም። ሦስተኛው ከጎረቤት ጸሎቶች ጋር ማስተያየት ነው። በቅዳሴ «እግዚኦ ተሣሀለነ» የሚል አለ፤ የዚህ ግስ ዘመድ በአማርኛ የቀረው በሣህለ ሥላሴና በሣህለ ማርያም ዐይነት ስሞች ውስጥ ነው። ሁለቱንም «ማረን» ብሎ መተርጎም ግዕዙ የለየውን ማደባለቅ ስለሚሆን፣ ለዚያኛው እንደ «ራራልን» ያለ የራሱ ቃል ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ይህ ትርጉም ያላነሣው ነገር አለ፤ የ«እግዚእ» ጌትነት። አንድ መስመር ሁሉን አይሸከምም። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ሥራውን ለሁለት ከፍለውታል። መጀመሪያ ነጠላ ትርጉም ይመጣል፤ ቃል በቃል፣ አጭር፣ ከንባቡ የማይወጣ። ከዚያ «አንድም» እየተባለ ሐተታው ይከተላል፤ ነጠላው ያልያዘውን ፍቺ ሁሉ የሚያነሣው እሱ ነው። የጸሎት መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰውም ያንኑ ማድረግ ይችላል። መስመሩ ላይ «አቤቱ ማረን፣ ክርስቶስ» ይጻፍ፤ ከግርጌ ደግሞ «እግዚኦ፦ ጌታ ሆይ፤ አገልጋይ ጌታውን ሲጠራ» የሚል አንድ ማብራሪያ ይቀመጥ። ጌትነቱን በግድ መስመሩ ውስጥ ለማስገባት የሚሞክር ትርጉም «ጌታችንና አምላካችን ክርስቶስ ሆይ» እያለ ይረዝምና ሰው ሊያነበው እንጂ ሊጮኸው የማይችል ይሆናል።